የድሬዳዋ ሙቀት የሸፈነው ሳል፦ የአንድ የሳንባ ቲቢ ታካሚ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የተከታተልነውን የአንድ ታካሚ ጉዳይ፣ ሳሉ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ መጨረሻው የአክታ ምርመራ ድረስ ያለውን ሂደት ይዘግባል። ታካሚው ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ማንነቱን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችም ተለውጠዋል። እንደ እርሱ ያለ ታካሚ በክፍላችን በብዛት ይታያል። ይህንኑ ለመጻፍ የመረጥኩት የሳንባ ቲቢ ሦስት ጊዜ ሊያመልጠን እንደሚችል በአንድ ሰው ላይ በግልጽ ስላሳየን ነው፤ በመጀመሪያ ምልክቱ፣ ቀጥሎ አክታው፣ በመጨረሻም በሽተኛው የዳነ በመሰለበት ጊዜ በሳንባው ውስጥ የቀሩት ባክቴሪያዎች።

ታካሚው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ከደቻቱ ማዶ ከባለቤቱና ከሦስት ዓመት ሴት ልጁ ጋር በአንድ ክፍል ቤት ይኖራል፤ ታላቅ እህቱም በዚያው ግቢ ውስጥ ናት። ወደ እኛ የመጣው በጥር ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ሳሉ የጀመረው ግን በኅዳር ነበር።

ምልክቶቹና የተሰጣቸው ምክንያት

በእነዚያ ወራት አራት ነገሮች ደርሰውበታል። ሲያስለው ቆይቷል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቷል፣ ክብደቱም ቀንሷል። እነዚህ አራቱ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሲሰማቸው ወዲያውኑ ቲቢን የሚያስቡባቸው ምልክቶች ናቸው። ሆኖም ለእርሱና ለቤተሰቡ ለእያንዳንዱ ምልክት ሌላ በቂ የሚመስል ምክንያት ነበር። ሳሉን የመንገድ አቧራና የናፍጣ ጭስ ያመጣው መሰላቸው። ላቡን የቆላው ሙቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱን ጫት፣ ክብደት መቀነሱን ደግሞ እንቅልፍ ማጣትና የመንገድ ድካም ያመጣቸው መሰላቸው። እነዚህ ምክንያቶች በራሳቸው ሐሰት አይደሉም፤ ጫት በእርግጥም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በደወሌ መንገድም ላብ የማያልበው ሰው የለም። አስቸጋሪ ያደረጋቸውም ይኸው እውነትነታቸው ነው።

በቆላ ከተማ የሚሠራ ባለሙያ «ሌሊት ያልብሃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከሁሉም ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ስለዚህ ጥያቄው ምንም አይለይም። ሐረር ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ከፍታው ስለሚበልጥና ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ልብስ የሚያረጥብ ላብ ራሱን ችሎ ያስደነግጥ ነበር። በእኛ ክፍል የምንጠይቀው በሌላ መንገድ ነው። «ከእንቅልፍህ ነቅተህ ልብስ እስከ መቀየር ያደርስሃል? አጠገብህ የተኛው ሰውስ እንዳንተ ያልበዋል?» እንላለን። ታካሚው ለመጀመሪያው ጥያቄ ሲመልስ፣ በሌሊት አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ከነቴራው እንደሚቀይር ነገረን። ሁለተኛውን የመለሰችው አብራው የመጣችው እህቱ ናት። «ሲስተር፣ ሚስቱ ብርድ ልብስ ደርባ ነው የምትተኛው» አለች። በታኅሣሥና በጥር የድሬዳዋ ሌሊት ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ይህ ላብ ከአየሩ የመጣ ሊሆን አይችልም ነበር። የሙቀት ላብ ሰውየው ጥላ ወይም ነፋስ ሲያገኝ ይቆማል። የቲቢ ላብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታ ከሚነሣ ቀላል ትኩሳት ጋር የሚሄድ ስለሆነ፣ ትኩሳቱ ሌሊት ላይ ሲወርድ ሰውነትን ያጠምቃል፤ የክፍሉ መቀዝቀዝ አያቆመውም።

ክብደቱንም በግምት አልተውነውም። ከአንድ ዓመት በፊት ለወባ ሲታከም የተመዘገበበት ካርድ 52 ኪሎ ይላል፤ በእኛ ሚዛን 44 ኪሎ ሆነ። ጫት ለዓመታት ሲቅም የኖረና በዚያው ክብደት የቆየ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ስምንት ኪሎ ሲጎድል፣ ጫቱን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ ልማዱ አልተለወጠምና። ማንኛውም የቆየ ምልክት ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምክንያት የተባለው ነገር አዲስ ነው ወይስ ድሮም የነበረ?

ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየቱ ብቻውን አክታ ለመመርመር በቂ ነበር። አክታው በደም እስኪቀላ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ደም የሚታየው በሽታው የሳንባን ደም ሥር ሲቦረቡር ስለሆነ፣ በብዙ ታካሚዎች ላይ ዘግይቶ ይመጣል፤ በብዙዎችም ላይ ጨርሶ አይመጣም።

ከመድኃኒት ቤት እስከ ምራቁ ምርመራ

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በሁለት መንገድ ጊዜ አልፎበታል። በመጀመሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን፣ ቀጥሎም ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝቶ ወሰደ። አሞክሳሲሊኑ ምንም አልለወጠም። በሲፕሮፍሎክሳሲኑ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ሳሉ ቀለል ብሎት፣ ላቡም ቀንሶለት ነበር። ይህ እፎይታ እጅግ አሳሳች ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእርሱ ቤተሰብ የሆኑት መድኃኒቶች የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል ስለሚገድሉ፣ በሽተኛው የተሻለው ይመስለዋል፣ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው አክታም ጥቂት ባክቴሪያ ብቻ ስለሚይዝ በምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ እነ ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም የሚያስፈልጉ ስለሆኑ፣ ለሳል ሁሉ በየመድኃኒት ቤቱ መሸጣቸው ነገ የምንተማመንባቸውን መድኃኒቶች ዛሬ ያባክናል። ይህን ነገር በቸልታ ማየት አልችልም።

ቀጥሎ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ አክታ እንዲሰጥ ታዘዘ። እቃውን ይዞ መጸዳጃ ቤት ገባ፣ እንደ ነገሩ አክ ብሎ የመጣለትን ተፋበትና ሰጠ። በማይክሮስኮፕ የተመረመረው ያ ናሙና «ቲቢ አልታየም» ተባለ። ሰውየውም ቲቢ እንደሌለበት ተረድቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወደ እኛ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ውጤት ተማምኖ ቆየ።

ያ ውጤት ለምን እንዳመለጠው ለመረዳት ማይክሮስኮፑ የሚያየውን ማወቅ ያስፈልጋል። በተለመደው የማቅለሚያ ዘዴ አክታው በመስታወት ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በቀይ ቀለም ይቀባል፣ በሙቀትም ቀለሙ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ ከዚያ በአሲድ ይታጠባል። የሌሎች ባክቴሪያዎች ቀለም በአሲዱ ሲለቅ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም በሚመስል ወፍራም ግድግዳ ስለተሸፈነ ቀለሙን አይለቅም፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ባለሙያው በዚህ ዘዴ ባክቴሪያውን ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ቢያንስ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት። ባክቴሪያው የሚገኘው ከሳንባ በሚወጣው አክታ ውስጥ ሲሆን፣ ምራቅ ከአፍ እጢዎች የሚመነጭ ስለሆነ ምንም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የምራቅ ናሙና «አልታየም» ቢባል፣ ስለ ሳንባው የተነገረ ነገር የለም።

በእኛ ዘንድ አክታ የሚሰጠው ከክፍሉ ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው የግቢው ጥግ ነው። ይህም የሚያስለው ሰው በአየር የሚበትነው ባክቴሪያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይቆይ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ለዚህ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው። ታካሚው በመጀመሪያ አፉን በንጹሕ ውኃ እንዲጉመጠመጥ አደረግን። ቀጥሎ በረጅሙ አየር ስቦ ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ እንዲያወጣ፣ ይህንንም ደጋግሞ ከደረቱ ሥር እንዲያስል፣ የወጣውን አክታም ወደ እቃው እንዲተፋ ነገርነው። የሚፈለገው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያመጣልን ውኃ የመሰለና አረፋ ያለው ነበር። እቃውን ወደ ብርሃን አንሥቼ አሳየሁትና ይህ ምራቅ መሆኑን ነገርኩት፤ ሌላ እቃ ሰጥተን በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ፣ ቁርስም ጫትም ሳይቀምስ፣ ደጅ ወጥቶ እንዲያመጣ ላክነው። ሌሊቱን በሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ያደረው የጠዋት አክታ ባክቴሪያ በብዛት ይይዛል። በማግሥቱ ያመጣው ወፈር ያለ፣ ቢጫ፣ ወደ እቃው ጎን የሚጣበቅ ነበር። ስሙና ቀኑ የተጻፈው በእቃው ጎን ላይ ነው፤ ክዳን ላይ ከተጻፈ ክዳኖች ሲቀያየሩ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይሰጣል።

ናሙናው በጂንኤክስፐርት ተመረመረ። ይህ መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ ስለሚያባዛ፣ በማይክሮስኮፕ ሊታይ የማይችል ጥቂት ባክቴሪያ እንኳ ያገኛል፤ ውጤቱንም በሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የቲቢ ባክቴሪያ በመካከለኛ መጠን ተገኘ፣ ሪፋምፒሲንን መላመዱን የሚያሳይ ለውጥ ግን አልተገኘም። ከዚያው ናሙና በማይክሮስኮፕም ታይቶ የባክቴሪያውን ብዛት የሚያመለክተው ምልክት «ሁለት መስቀል» ተብሎ ተመዘገበ። ዘረመሉ ተገኝቶ ሳለ ማይክሮስኮፑ ለምን እንዳስፈለገ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ጂንኤክስፐርት የሞተውን ባክቴሪያ ዘረመል ከሕያው አይለይም፤ ስለዚህ በሕክምናው መካከል ቢደገም በሽተኛው እየዳነም «ተገኝቷል» ሊል ይችላል። መሻሻሉን የምንከታተለው በማይክሮስኮፕ ስለሆነ፣ የምናወዳድርበት መነሻ ያስፈልገናል።

በራጅ ሲታይ በቀኝ ሳንባው የላይኛው ክፍል ላይ ጉድጓድ ነበር። የኤችአይቪና የስኳር ምርመራውም ተደርጎ ሁለቱም ነፃ ሆኑ፤ እነዚህ የሕክምናውን አካሄድ ስለሚለውጡ በእያንዳንዱ የቲቢ ታካሚ ላይ ይታያሉ።

አራት መድኃኒት ለምን?

ሕክምናው በየካቲት መጀመሪያ ተጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድ እንክብል ተቀላቅለው ይሰጣሉ፤ በሚቀጥሉት አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ ይቀጥላሉ። በ44 ኪሎ ክብደቱ የተመደበለት በቀን ሦስት እንክብል፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነበር። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቀን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ነው፤ ጠንካራ የሆነው አንዱ መድኃኒት ለምን አይበቃም? መልሱ በቁጥር ሲቀመጥ ግልጽ ነው። በእርሱ ሳንባ ውስጥ እንደታየው ያለ ጉድጓድ አንድ መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ በሚራቡበት ጊዜ በአጋጣሚ በሚፈጠር ለውጥ ከአንድ ሚሊዮን አንዱ ገደማ አይሶናያዚድ የማይገድለው ሆኖ ይገኛል፤ ከአንድ መቶ ሚሊዮን አንዱ ገደማ ደግሞ ሪፋምፒሲን የማይገድለው ነው። ይህ ለውጥ ታካሚው መድኃኒቱን ከመቅመሱ በፊት ያለ ነው። እንግዲህ አይሶናያዚድ ብቻውን ቢሰጠው፣ ከመቶ ሚሊዮኑ መቶ ያህሉ ይተርፋሉ። የቲቢ ባክቴሪያ በቀርፋፋነቱ የታወቀ ቢሆንም ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በ20 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ መቶዎቹ እንደገና መቶ ሚሊዮን ለመሆን ሃያ ጊዜ ያህል መታጠፍ ብቻ ይበቃቸዋል። በሰውነት ውስጥ ከዚህ ይዘገያል፣ ግን የወራት እንጂ የዓመታት ጉዳይ አይደለም። ታካሚው በመጀመሪያ ሳሉ ይቀንሳል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ከዚያ እንደገና ይወድቃል፤ በዚህን ጊዜ በሳንባው ያሉት ሁሉም አይሶናያዚድን የሚቋቋሙ ናቸው።

ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ግን ስሌቱ ይለወጣል። አይሶናያዚድን የሚቋቋሙትን መቶዎቹን ሪፋምፒሲን ይገድላቸዋል፤ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመውን አንዱን አይሶናያዚድ ይገድለዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ባክቴሪያ የሚገኘው ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ስለሆነ፣ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ አይጠበቅም። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት፣ ታካሚዎቹ መድኃኒቱን ብቻውን ወስደው በመጀመሪያ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር፤ ቆይቶ ግን ከአብዛኞቹ የተወሰደው ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲንን የተላመደ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ከበቁ አራቱ ለምን አስፈለጉ? ምክንያቱ ከምርመራችን ገደብ ይነሣል። የተጠቀምንበት ምርመራ የሚነግረን ስለ ሪፋምፒሲን ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው አስቀድሞ አይሶናያዚድን የተላመደ ከሆነ አናውቅም። እንዲህ ከሆነና ሁለቱን ብቻ ከሰጠን፣ ሪፋምፒሲን ብቻውን ቀርቶ ያ መጥፎ ስሌት ይመለሳል። ኢታምቡቶል የሚጨመረው በዋናነት ይህንን ክፍተት ለመጠበቅ ነው። ፒራዚናማይድ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው፤ እብጠት ባለበትና አሲድ በበዛበት የሳንባ ክፍል ውስጥ ቀዝቅዘው የተቀመጡትን፣ ሌሎቹ መድኃኒቶች በቀላሉ የማይገድሏቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስድስት ወር በተባለው ሕክምና እንድንረካ ያስቻለን በአብዛኛው እርሱና ሪፋምፒሲን ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት ሕክምናው አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር።

የዳነ በመሰለበት ወር

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሥራውን አቁሞ በየቀኑ እየመጣ በፊታችን ዋጠ። ሽንቱ ብርቱካንማ እንደሚሆንና ይህም ከሪፋምፒሲን የመጣ እንጂ ደም እንዳልሆነ አስቀድመን ነገርነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ማስመለስ ከበረታበት ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት ካቃተው ሳይቆይ እንዲመጣም አሳሰብነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጉበት፣ የመጨረሻው የኢታምቡቶል ጉዳት ምልክት ናቸው። ከእነዚህ አንዱም አልታየበትም። በሦስተኛው ሳምንት ላቡ ቆመ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 49 ኪሎ መዘነ፣ ሳሉ ጠፋ፣ አክታውም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ባክቴሪያ አልተገኘበትም። ወደ ሁለቱ መድኃኒቶች ተሸጋግሮ፣ የወሩን እየያዘ ወደ መንገድ ተመለሰ።

በግንቦት ወር መድኃኒቱን ለመውሰድ ሲመጣ ከእጁ ላይ የቀረውን እንዲያሳየን ጠየቅነው። ሊኖረው ከሚገባው በላይ ተርፎታል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሽንቱ ቀለም ጠይቄው ነበር። «አቦ ሲስተር፣ እሱ እኮ ድሮ ተስተካከለ» አለኝ፤ እንደ መልካም ዜና ነበር የነገረኝ። ሪፋምፒሲን በሚገባ የሚወስድ ሰው ሽንት ከተዋጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ስለሚቀላ፣ ይህ መልስ ብቻውን መድኃኒቱ እንደተቋረጠ ይናገራል። ሳይደብቅም ነገረን። በመንገድ ላይ በባዶ ሆዱ ሲውጥ ያቅለሸልሸው ስለነበር ለስምንት ቀን ያህል ከሦስቱ አንዱን ብቻ ወሰደ፤ ከዚያ «ምርመራው ነፃ ብሎኛል» ብሎ ለአሥራ አንድ ቀን ጨርሶ ተወው።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥፋት ይመስላሉ፤ አደጋቸው ግን ይለያያል። ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ዋናው አደጋው በሽታው መመለሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰውም ያው መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያ ስለሆነ እንደገና ሊታከም ይችላል። መጠኑን የቀነሰ፣ ወይም አንዱን ወስዶ አንዱን የተወ ሰው ግን ደካማውን ባክቴሪያ እየገደለ የሚቋቋመውን ያሳድጋል። በእርሱ ጉዳይ ያሳሰበኝ ከአሥራ አንዱ ቀን ይልቅ ስምንቱ ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ እንክብል መቀላቀላቸው ግን እዚህ ላይ ጠቅሞታል፤ መጠኑ ቢቀንስም አንዱን ከሌላው ለይቶ ሊተው አልቻለም።

«ነፃ» የተባለው ውጤት ምን እንዳለና ምን እንዳላለ ያስረዳሁት ያን ጊዜ ነው። አይሶናያዚድ በፍጥነት የሚራቡትን ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይገድላል፤ ሳሉና ትኩሳቱ የሚቀንሱት፣ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉም በእጅጉ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የሚቀሩት ጥቂቶቹ ከሞላ ጎደል ያንቀላፉ ናቸው። መድኃኒቶቹ በአብዛኛው የሚገድሉት ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲሠራ ወይም ፕሮቲን ለመሥራት ሲነቃ በመሆኑ፣ የማይራባ ባክቴሪያ መድኃኒቱ በዙሪያው እያለ ሊቆይ ይችላል። ሪፋምፒሲን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚነቃውንም ስለሚገድል፣ በየቀኑ በደሙ ውስጥ ካለ አንዱ ሲነቃ ያገኘዋል፤ በሌለበት ቀን የነቃው ግን ያመልጣል። ሁለት ወር ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ሁለት ሺህ ባክቴሪያ ቢኖር እንኳ ማይክሮስኮፑ «አልታየም» ሊል ይችላል። የቀሩትን ቀናት የምንቆጥረው ለእነዚህ ላልታዩት ነው።

የስድስት ወሩ ጊዜ የተወሰነውም በሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካና በእስያ በተደረጉ ጥናቶች እነዚሁ ዓይነት መድኃኒቶች ለአራት ወር ሲሰጡ፣ በአራተኛው ወር የሁሉም አክታ ከሞላ ጎደል የጠራ ቢሆንም፣ ካቆሙ በኋላ በሽታው የተመለሰባቸው ሰዎች ስድስት ወር ከወሰዱት በግልጽ በለጡ። በኋላ በሌሎች መድኃኒቶች የተሠሩ አጫጭር ሕክምናዎች መጥተዋል፤ እርሱ በእጁ የያዘው እንክብል ግን የስድስት ወር መድኃኒት ነው።

አክታው ወዲያውኑ ተመርምሮ ባክቴሪያ አልታየበትም፤ ክብደቱም አልቀነሰም። መቋረጡ ከአንድ ወር በታች ስለነበር ሕክምናው ከመጀመሪያው አልተጀመረም፤ በአግባቡ ያልተወሰዱት አሥራ ዘጠኝ ቀናት በመጨረሻው ላይ እንዲጨመሩ ተደረገ። ምክንያቱ ማቅለሽለሽ ስለነበር ምክርና ዛቻ አይፈታውም። መድኃኒቱን ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ነገር ቀምሶ ቤት እንዲውጥ፣ እህቱም እያየች በካርዱ ላይ እንድታመለክት ተስማማን። ሪፋምፒሲን ባዶ ሆድ ላይ ቢወሰድ የተሻለ ወደ ደም ይገባል፤ ነገር ግን በቁርስ የተዋጠ መድኃኒት ካልተዋጠው ይሻላል። በመንገድ በሚያድርባቸው ቀናት ደግሞ እህቱ ስልክ ትደውልለት ነበር። ሾፌሩም ከጎኑ ሆኖ ያስታውሰዋል።

አብረውት የነበሩት

ሾፌሩን የጠራነው ለማስታወስ ብቻ አልነበረም። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በሳህን፣ በልብስ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከማን ጋር በተዘጋ ቦታ ረጅም ሰዓት እንደቆየ ነው። ሚስቱና ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ታይተው ነበር፤ ሾፌሩ ግን የቤተሰብ አባል ስላልሆነ መጀመሪያ ላይ አላነሣውም። ለአየር ማቀዝቀዣው ሲባል መስኮት ተዘግቶ ለሰዓታት በሚነዳ ጋቢና ውስጥ አብረው መቀመጣቸው፣ ሲያድሩም በአንድ በርጫ መቃማቸው ከቤት አብሮ ከመኖር አይተናነስም። ሾፌሩ ሳል፣ ላብና ክብደት መቀነስ እንዳለበት ተጠይቆ፣ ራጅም ተነሥቶ ንቁ ቲቢ አልተገኘበትም። ሚስቱም እንዲሁ ነፃ ሆነች። የሦስት ዓመቷ ልጅ ምንም ምልክት አልነበራትም፤ ነገር ግን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባክቴሪያው ከገባበት በፍጥነትና በከባድ ሁኔታ፣ እስከ አንጎል ሽፋን ድረስ ሊታመም ስለሚችል፣ ንቁ ቲቢ እንደሌለባት ከተረጋገጠ በኋላ የመከላከያ ሕክምና ተሰጣት። ለጤነኛ ሰው የሚሰጠው ይህ መከላከያ ከአራቱ መድኃኒቶች ያነሰ ሊሆን የቻለው ከላይ ባለው ስሌት ምክንያት ነው፤ ሰውነቷ ውስጥ ባክቴሪያ ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ መድኃኒት የሚቋቋም አንድ እንኳ የመገኘት ዕድሉ ትንሽ ነው።

የአምስተኛው ወር አክታ ነፃ ሆነ። የተጨመሩት ቀናት ተቆጥረው ሕክምናው በነሐሴ አጋማሽ ሲያልቅ የተሰጠው የጠዋት አክታም ባክቴሪያ አልታየበትም፤ ክብደቱም 53 ኪሎ ደርሶ ነበር። በመዝገቡ «ዳነ» ተብሎ የተጻፈው መጨረሻ ላይ የታየውና ከዚያ በፊት የነበረው ምርመራ ሁለቱም ነፃ በመሆናቸው ነው። በራጁ ላይ የጉድጓዱ ጠባሳ አሁንም ይታያል፤ ጠባሳው አይጠፋም፣ ንቁ በሽታም አይደለም። በሽታው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው በተጠናቀቀ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ሳል ሁለት ሳምንት ከዘለቀበት ወይም ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር ላብ ከተመለሰበት፣ ከመድኃኒት ቤት ምንም ሳይገዛ የጠዋት አክታውን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው የጂንኤክስፐርት ምርመራ ያለፈውን በሽታ የሞተ ዘረመል ሊያሳይ ስለሚችል፣ ናሙናው ወደ ካልቸር ምርመራ መላክ እንዳለበትም በካርዱ ላይ ጽፈንለታል፤ ያ ምርመራ ሳምንታት ይወስዳል፣ የሚያድገው ግን ሕያው ባክቴሪያ ብቻ ነው።